መርፌ የተወጋች ላም ወተት፦ የሚባለውና እውነቱ

በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ዲቃላ ላም ያለው ቤት ኦክሲቴትራሳይክሊንንና ፔንስትሬፕን በስም ያውቃቸዋል። ላሟ ስታተኩስ፣ መኖ ስትተው ወይም ግቷ ሲያብጥ የሚጠራው ሐኪም ከሁለቱ አንዱን ይወጋል፤ ሐኪም ሩቅ ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚወጋበት ጊዜ አለ። ላሟ በሁለት በሦስት ቀን ትሻላታለች፣ ወተቷም ይመለሳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ላሟ የዳነችበት ቀንና ወተቷ ለሽያጭ የሚደርስበት ቀን አንድ አይደሉም።

የተወጋው መድኃኒት በደም ተጓጉዞ ወደ ግት ይደርሳል፣ ከወተቱም ጋር ይወጣል። በወተቱ ውስጥ ያለው መጠን ከተፈቀደው ልክ በታች እስኪወርድ ድረስ ያለው ጊዜ የመጠበቂያ ጊዜ ይባላል። አምራቹ በጠርሙሱ ላይ ለወተት ለብቻ፣ ለሥጋ ለብቻ ጽፎታል። በዚህ ጊዜ ዙሪያ ከቤት ወደ ቤት የሚዛመቱ አባባሎች አሉ፤ አብዛኞቹ የሚነሱት ዓይን ካየው ነገር ስለሆነ እውነት ይመስላሉ።

«ወተቱ ከተፈላ መድኃኒቱ ይጠፋል»

ማፍላት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። የሳንባ ነቀርሳና የውርጃ በሽታ ተሕዋስያን በእሳት ይሞታሉ፣ ስለዚህ ወተት አፍልቶ መጠጣት ትክክል ነው። መድኃኒት ግን የሚሞት ነገር የለውም። ፔኒሲሊን በፋብሪካ ወተት በሚታከምበት ሙቀት፣ ማለትም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ፣ የሚቀንሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ምድጃ ላይ ገንፍሎ ሲወርድም አብዛኛው እንዳለ ይቀራል። ኦክሲቴትራሳይክሊን በሙቀት ይበልጥ ይፈርሳል፤ ሆኖም ምን ያህሉ እንደቀረ በቤት ውስጥ የሚታወቅበት መንገድ የለም። በማሽተትም ሆነ በቀለም አይለይም። መድኃኒት ያለበት ወተት ነጭ ነው፣ ይጣፍጣል፣ አረፋውም ያው ነው።

«የታመመችው በአንዱ ጡት ነው፤ ሦስቱ ደህና ናቸው»

ግቷ ባበጠ ላም ላይ ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። የታመመው ጡት ወተት ይደፋል፣ የሦስቱ ይሸጣል። በጡንቻ የተወጋ መርፌ ግን የታመመውን ጡት መርጦ አይሄድም፤ ደሙ አራቱንም የግት ክፍሎች ያጠጣልና መድኃኒቱ በአራቱም ይወጣል። በቱቦ በቀጥታ ወደ ጡት የሚገባው መድኃኒትም ቢሆን ከፊሉ ወደ ደም ይሰርጋል። ስለዚህ አንድ ጡት ብቻ ቢታከምም የአራቱም ወተት ከሽያጭ ይወጣል።

«ሦስት ቀን ካለፈ በቂ ነው»

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሦስት ቀን የሚጽፍ ጠርሙስ አለ። ጥያቄው ከየትኛው ቀን ተነስቶ ነው የሚለው ነው።

አንዲት ላም እንውሰድ። ሰኞ ጠዋት ከታለበች በኋላ በ2 ሰዓት ፔንስትሬፕ ተወጋች። ሐኪሙ ለሦስት ተከታታይ ቀን ስላዘዘ ማክሰኞም ረቡዕም በዚያው ሰዓት ተደገመላት። ጠርሙሱ ለወተት 72 ሰዓት ይላል። ብዙ ሰው ከሰኞ ይቆጥርና ሐሙስ ጠዋት ሦስት ቀን ሞላ ብሎ የሐሙስን የማታ ወተት ለማኅበሩ ይሰጣል። በዚያ ሰዓት የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ ገና 33 ሰዓት ነው፤ የተጻፈው ጊዜ ገና ግማሹ እንኳ አልሞላም።

ቆጠራው የሚነሳው ከመጨረሻው መርፌ ነው። ከረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ተነስተን 72 ሰዓት ስንቆጥር ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይሞላል። ቅዳሜ በ12 ሰዓት የሚታለበው ወተት ሁለት ሰዓት ስለሚጎድለው አይሸጥም። ለገበያ የሚደርሰው የመጀመሪያ ወተት የቅዳሜ ማታው ነው። ከሰኞ ማታ እስከ ቅዳሜ ጠዋት አሥር እልበት ቀረ ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ አራት ሊትር ብትሰጥ 40 ሊትር። ኪሳራው ቀላል አይደለም፣ ቀላል ነው ብሎ መስበክም ገበሬውን አለማክበር ነው። ነገር ግን ሕክምናው ሲጀመር ይህ 40 ሊትር ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር አብሮ መቆጠር ያለበት ወጪ ነው። የግት በሽታ ሳይባባስ፣ ወተቱ ቅንጥብጣቢ ማሳየት በጀመረበት ቀን ሐኪም መጥራት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፤ ሕክምናው ባጠረ ቁጥር የሚደፋው እልበት ያንሳል።

ሌላው ስህተት «ኦክሲ ያው ኦክሲ ነው» የሚለው ነው። 10 በመቶውና 20 በመቶው በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በሰውነት ውስጥ የሚቆዩት እኩል አይደለም። 20 በመቶው ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በተወጋበት ጡንቻ ውስጥ ተጠራቅሞ ለቀናት ወደ ደም ይንጠባጠባል። አንድ ጊዜ መወጋቱ ለገበሬው ይመቻል፣ በአብዛኞቹ ጠርሙሶች ላይ የሚጻፈው የወተት መጠበቂያ ግን አንድ ሳምንት አካባቢ ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ እንዲያውም ለሰው ወተት በሚታለብ ላም ላይ አትጠቀሙ ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ ቦርሳውን ሳይዘጋ «የወተቱ ስንት ቀን ይላል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከመርፌው ሰዓት ጋር መጻፍ ያስፈልጋል። ጠርሙሱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቁጥሩን በጣት እንዲያሳይ ማድረግም ይቻላል። ጽሑፉ የተላጠ፣ ከገበያ መደብ ላይ የተገዛ ጠርሙስ ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ ላሟን ቢያድን እንኳ ወተቷ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

የተጻፈው ቀን የሚሠራውም የተጻፈው መጠን ሲወጋ ብቻ ነው። ቶሎ እንዲሽራት ተብሎ ሲጨመር፣ ወይም በአንድ ቦታ ብዙ ሲወጋ መድኃኒቱ የሚወጣበት ጊዜ ይረዝማል። ያን ጊዜ ከተጻፈው በላይ መጠበቅ አለ፤ ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን።

«ከብዙ ወተት ጋር ሲቀላቀል ምን ይታወቃል?»

ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለፔኒሲሊን በአንድ ሊትር ወተት የፈቀደው 4 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ለኦክሲቴትራሳይክሊን 100 ነው። አሁን 100 ሺህ ዩኒት ፔኒሲሊን የያዘ አንድ የጡት ቱቦ እናስብ። በክብደት 60 ሺህ ማይክሮግራም ይሆናል። በመጀመሪያው እልበት ከዚያ አንድ አሥረኛው ብቻ ቢወጣ 6 ሺህ ነው። ይህን ወደ ተፈቀደው ልክ ለማውረድ 1 ሺህ 500 ሊትር ንጹሕ ወተት ያስፈልጋል። አንዲት እናት ያመጣችው አራት ሊትር የሌሎች ሃምሳ ቤቶችን ወተት ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው።

«ማኅበሩ ፈትኖ ነው የተቀበለኝ» የሚለውም እዚህ ላይ ይወድቃል። በመሰብሰቢያ የሚደረገው የላክቶሜትር ምርመራ ውሃ መጨመሩን ያሳያል፤ የአልኮሉ ምርመራ ወተቱ ወደ መኮምጠጥ መሄዱን ያሳያል። መድኃኒት ግን በሁለቱም አይታይም። እርሱን ለማየት ሌላ ዓይነት ምርመራ አለ። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሙቀት የሚወድ ባክቴሪያና ሐምራዊ ቀለም ተቀምጧል፤ ወተቱ ተጨምሮ በ64 ዲግሪ አካባቢ ለሦስት ሰዓት ያህል ይሞቃል። ባክቴሪያው ካደገ አሲድ ይፈጥርና ቀለሙ ቢጫ ይሆናል፤ ሐምራዊ ሆኖ ከቀረ ወተቱ ውስጥ ዕድገቱን የከለከለ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ ከደብረ ዘይትና ከናዝሬት የወተት እርባታዎች የተወሰዱ 400 ናሙናዎችን መርምሮ በ48ቱ ላይ የመድኃኒት ቅሪት አግኝቷል፤ ከእነዚህ የሚበዙት የኦክሲቴትራሳይክሊን ነበሩ። ሐኪምና ላቦራቶሪ በሚቀርቡባቸው ከተሞች እንዲህ ከሆነ፣ ምርመራው በሌለበት መንደር ወተቱን ሊያስቆም የሚችለው ላሟን ያለበው ሰው ብቻ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ ሐኪሙን የሚያነጋግረው ባል ነው፣ የምታልበው ደግሞ ሚስት ወይም ልጅ። የወተቱ ቀን ለአላቢዋ ካልደረሰ የባልየው ማወቅ ብቻውን አይረዳም። በላሟ አንገት ወይም ጭራ ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰር፣ እርሷን ከሌሎቹ መጨረሻ ማለብ፣ የማለቢያ ዕቃዋንም መለየት ጎረቤት መጥቶ ሲያልብላቸው እንኳ ስህተትን ያስቀራል።

«አይሸጥም እንጂ እርጎና ቅቤ ይሆናል»

በጾም ወራት የከተማው ገዢ ሲቀንስ ይህ መንገድ ይበልጥ ያጓጓል። ነገር ግን እርጎ የሚሆነው በባክቴሪያ ነው፣ መድኃኒቱ የተሠራው ደግሞ ባክቴሪያን ለማስቆም ነው። ባለሙያ እናቶች «ወተቱ አልረጋ አለኝ» ሲሉ የሚያዩት አንዳንዴ ይህንኑ ነው። የእንጅባራ ብርድም፣ በወይራ በደንብ የታጠነ ዕቃም ያዘገያልና ለማወዳደር መድኃኒት ካልተወጋች ላም የታለበ ወተት በተመሳሳይ ዕቃ፣ በተመሳሳይ እርሾ፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ንጹሑ ረግቶ የተጠረጠረው ካልረጋ ጥርጣሬው ከባድ ነው። የተጠረጠረው ቢረጋ ግን ነጻ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ጥቂት መድኃኒት እያለም ሊረጋ ይችላልና ይህ ሙከራ የቀኑን ቆጠራ አይተካም። ወተቱ ቢናጥም መድኃኒቱ በአሬራው፣ ከዚያም በአይቡና በአጓቱ ውስጥ ይገኛል።

«እኛ ጠጥተን ምንም አልሆንንም»

ይህ ለብዙው ሰው እውነት ነው፤ አንድ ብርጭቆ አብዛኛውን ሰው አያሳምምም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ግን በትንሽ መጠን ሰውነቱ ሊያሳክከው፣ ሊያብጥ፣ አልፎ አልፎም ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ የገዢው ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ሻጩ አያውቅም። ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በአንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች የማይገድላቸውን ትንሽ መድኃኒት ደጋግመው ሲያገኙ የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፣ ይራባሉም። በጾም ጊዜ ቤት ውስጥ ወተቱን የሚጠጣው ሕፃኑ መሆኑን ደግሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

የቀረው ጥያቄ 40 ሊትሩ የት ይሂድ የሚለው ነው። ለጥጃ መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በጥጃው አንጀት ውስጥም መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ ያበዛል፣ እበቱም ወደ በረቱና ወደ ማሳው ይገባል። ከሌላ ላም ማጥባት የሚችል ቤት እንዲያ ቢያደርግ ይሻላል። የተቀረው ከምንጭና ከወንዝ ርቆ፣ ውሻም በማይደርስበት ጉድጓድ ይደፋል። ላሟ ሳትድን ቀርታ ለሥጋ ልትሸጥ ከሆነ ደግሞ የሥጋው ቀን ከወተቱ ቀን ብዙ ጊዜ ይረዝማል፤ በዚያው ጠርሙስ ላይ ከወተቱ ቁጥር አጠገብ ተጽፏል።