የሬዞናንስ ሰርኪዩት ባንድ ስፋት የሚወሰነው በምን ነው?

አንድ ጥቅል ሽቦና አንድ ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘው ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ተቃራኒ ጠባይ ያሳያሉ። ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር ጥቅሉ ከረንቱን ይበልጥ ያግዳል፣ ካፓሲተሩ ግን ይበልጥ ያሳልፋል። በመካከል የሁለቱ እገዳ እኩል የሚሆንበት አንድ ድግግሞሽ አለ። እዚያ ላይ በጥቅሉና በካፓሲተሩ ላይ ያሉት ቮልቴጆች መጠናቸው እኩል፣ አቅጣጫቸው ግን ተቃራኒ ስለሆነ ይጣፋሉ፤ ከረንቱን የሚገታው በመስመሩ ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ ብቻ ይሆናል። ይህ የሬዞናንስ ድግግሞሽ ነው፦

f₀ = 1 / (2π√(LC))

የዚህ ቀመር ሥር ዊሊያም ቶምሰን በ1853 ስለ ካፓሲተር ፍሳሽ ካወጣው ጥናት ይመዘዛል። ኦሊቨር ሎጅ በ1897 የማሰራጫንና የመቀበያን ድግግሞሽ ስለማስማማት ፓተንት ሲያስገባና ማርኮኒ በ1900 ቁጥር 7777 የተባለውን ፓተንት ሲያወጣ ደግሞ ሬዞናንስ ጣቢያን ከጣቢያ መለያ መሣሪያ ሆነ። በቀመሩ ውስጥ ግን ሬዚስታንስ የለም። ብዙ ተማሪ ድግግሞሹን በትክክል አስልቶ የባንድ ስፋቱ ከሒሳቡ ጋር የማይገጥምለት እዚህ ላይ ነው፤ ስፋቱን የሚወስነው ሬዚስታንስ ነውና።

ለሥራ የሚመች ምሳሌ እንውሰድ። ጥቅሉ 10 ሚሊሄንሪ፣ ካፓሲተሩ 10 ናኖፋራድ ይሁን። f₀ 15,915 ኸርትዝ ይወጣል። በዚህ ድግግሞሽ የእያንዳንዳቸው እገዳ 1000 ኦም ነው። መልቲሜትር የጥቅሉን ሽቦ 30 ኦም ያነባል፤ ከረንቱን ለማየት 20 ኦም ሬዚስተር እንጨምራለን። ኪው ፋክተር የሚባለው የአንዱ እገዳ ለጠቅላላው ሬዚስታንስ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፦

Q = 2πf₀L / R

በወረቀት ላይ 1000 ለ50 ሲካፈል 20 ይሆናል። የባንድ ስፋት f₀ ለQ ተካፍሎ ስለሚገኝ ወደ 796 ኸርትዝ ይደርሳል። ላብራቶሪ ገብተን ስንለካ ግን ስፋቱ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ ፈንክሽን ጄኔሬተሩ ነው። አብዛኞቹ ጄኔሬተሮች በውስጣቸው 50 ኦም አላቸው፤ እሱም ከመስመሩ ጋር በተከታታይ የቆመ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው ሬዚስታንስ 100 ኦም፣ Q 10፣ የባንድ ስፋቱም 1,592 ኸርትዝ ነው። ይህን የሚያጋልጥ ምልክት ቀላል ነው፦ ጄኔሬተሩ ሳይጫን 5 ቮልት ይሰጥ ከነበረ፣ ድግግሞሹ ወደ f₀ ሲጠጋ በራሱ ጫፎች ላይ ያለው ቮልቴጅ እየወረደ 2.5 ቮልት ይደርሳል።

የባንድ ስፋት የሚለካው ከረንቱ ከከፍተኛው ወደ 70.7 በመቶ በሚወርድባቸው ሁለት ድግግሞሾች መካከል ነው፤ እዚያ ሬዚስታንሱ የሚወስደው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። በእኛ ምሳሌ ታችኛው 15,139፣ ላይኛው 16,731 ኸርትዝ አካባቢ ነው። f₀ ከሁለቱ እኩል መካከል ላይ አለመቀመጡን ልብ ይሏል፤ ወደ ታችኛው ትንሽ ያዘነብላል። Q ከፍ ሲል ይህ ልዩነት የማይታይ ይሆናል፣ Q ዝቅ ሲል ግን መዘንጋት የለበትም።

ከረንቱን ለማየት 20 ኦሙ ሬዚስተር ከጄኔሬተሩ ግራውንድ በኩል መቀመጥ አለበት፤ ያለበለዚያ የኦሲሎስኮፑ የግራውንድ መቆንጠጫ የሰርኪዩቱን ከፊል በአጭሩ ይዘጋዋል። f₀ን በጫፉ ከፍታ መፈለግ አስተማማኝ አይደለም፤ ኩርባው አናቱ ላይ ጠፍጣፋ ስለሆነ ዓይን ይሳሳታል። የሚሻለው የጄኔሬተሩን ቮልቴጅና የከረንቱን ምልክት ጎን ለጎን አድርጎ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ዜሮን የሚያቋርጡበትን ድግግሞሽ መያዝ ነው። በካፓሲተሩ ላይ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከf₀ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል፤ በQ 10 ልዩነቱ 40 ኸርትዝ ያህል ነው።

ስለ ካፓሲተሩ ካነሣን አይቀር፣ በሬዞናንስ ጊዜ ከ5 ቮልት ምንጭ 50 ሚሊአምፔር ይፈሳል፤ 1000 ኦም ላይ ሲፈስ 50 ቮልት ይፈጥራል። Q ቮልቴጁን ስንት እጥፍ እንደሚያሳድገው የሚታየው በዚህ ነው። የ25 ቮልት ካፓሲተር የሰካ ሰው ምንጩ 5 ቮልት ነው ብሎ ሊዘናጋ አይገባም።

ጄኔሬተሩን ከሒሳቡ ካስገባን በኋላም ልኬቱ 1,750 ኸርትዝ ቢሰጠንስ? የባንድ ስፋት R/(2πL) ስለሆነ ወደ ኋላ ስንሄድ R 110 ኦም ይወጣል። የጎደሉት 10 ኦሞች በመልቲሜትር አይታዩም፤ መልቲሜትር በቀጥታ ከረንት የሽቦውን መዳብ ብቻ ይለካል። በከፍተኛ ድግግሞሽ ግን ከረንቱ ወደ ሽቦው ቆዳ ይሸሻል፣ የጥቅሉ ኮርም ኃይል እየበላ ይሞቃል። ሁለቱም እንደ ተጨማሪ ሬዚስታንስ ይታያሉ። እኔ እንደማምነው የጥቅልን Q ለማወቅ ከኦም ንባብ ይልቅ የባንድ ስፋት ልኬት ይመረጣል፤ የሚሠራበትን ድግግሞሽ ኪሳራ ሁሉ አጠቃሎ ይናገራልና።

የf₀ ስህተት ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከካፓሲተሩ ነው። 10 በመቶ ከፍ ብሎ 11 ናኖፋራድ ከሆነ f₀ ወደ 15,174 ኸርትዝ ይወርዳል። ስኩዌር ሩት ስላለ 10 በመቶው ስህተት ወደ 5 በመቶ ገደማ ነው የሚያጥረው። አነስተኛ ካፓሲተር ያለው ሰርኪዩት ሲሆን የመለኪያው ራሱ ጣልቃ ገብነት ይከፋል። በ200 ማይክሮሄንሪና በ127 ፒኮፋራድ ወደ 1 ሜጋኸርትዝ የተስተካከለ የሬዲዮ ሰርኪዩት ካፓሲተር ላይ 15 ፒኮፋራድ ያለው ፕሮብ ቢያርፍ ድግግሞሹ ወደ 945 ኪሎኸርትዝ ይወርዳል።

በሬዲዮ ላይ ጥያቄው ይቀየራል፤ Q ከፍ ማለቱ ብቻ አይበቃም። በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በእስያ በ9 ኪሎኸርትዝ፣ በአሜሪካ አህጉር በ10 ኪሎኸርትዝ ርቀት ይደረደራሉ። በ1 ሜጋኸርትዝ Q 100 ከሆነ የባንድ ስፋቱ 10 ኪሎኸርትዝ ነው፤ ለአንድ ጣቢያ ይበቃል። Qን ወደ 300 ብናሳድገው ስፋቱ ወደ 3.3 ኪሎኸርትዝ ይጠባል፤ ጎረቤት ጣቢያው ይጠፋል፣ ግን የተናጋሪው ድምፅም ቀጫጭኑን አጥቶ ይታፈናል። ደግሞም Q 100 ያለው ሰርኪዩት በ540 ኪሎኸርትዝ 5.4፣ በ1600 ኪሎኸርትዝ 16 ኪሎኸርትዝ ያሳልፋል። አድማጩ መደወያውን ባዞረ ቁጥር የመለየት አቅሙ ይለዋወጣል። ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1918 ያመጣው ሱፐርሄትሮዳይን ይህን ችግር የፈታው የጣቢያውን ምልክት ምንጊዜም ወደ አንድ ቋሚ ድግግሞሽ፣ በኋላ በብዛት ወደተለመደው 455 ኪሎኸርትዝ፣ በማውረድ ነው። እዚያ ማጣሪያው አንዴ ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ የባንድ ስፋቱም መደወያው የትም ቢሆን አይነቃነቅም።