ሰውየው ዞር ሲል የተተካው ፊት ለምን ይዘላል?

በስታንት ተወካይ ላይ የዋናውን ተዋናይ ፊት በሁለቱም ፈቃድ ስንተካ፣ ፊት ለፊት የተቀረጸ ሾት ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው የሚጀምረው ሰውየው ወደ ጎን ሲዞር ወይም እጁ ፊቱን ሲሸፍን ነው።

የፊት መተኪያ ፕሮግራሙ ፊትን የሚፈልገው በእያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ነው፤ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ላይ ነጥቦች ያስቀምጣል። አንዱ ዓይን ሲደበቅ በግምት ስለሚሠራ ፊቱ ይንቀጠቀጣል። ጭራሽ ካጣው ደግሞ የተወካዩ ፊት ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

በሴኮንድ 25 ፍሬም በሆነ ሾት ላይ እጅ ለ8 ፍሬም ፊቱን ጋረደ እንበል። DeepFaceLab ላይ `aligned_debug` ፎልደር ውስጥ ነጥባቸው የተዛባ ምስሎችን አጠፋለሁ፤ ከዚያ `MANUAL RE-EXTRACT DELETED ALIGNED_DEBUG` በሚለው ነጥቦቹን በእጄ አስተካክላለሁ። ቀጥሎ እጁ ሲገባ፣ መሃል ሲደርስና ሲወጣ ያሉትን ፍሬሞች መርጬ፣ ጣቶቹን ከማስኩ ውጪ አድርጌ XSeg አሠለጥናለሁ። በውጤቱ ላይ የተተካው ፊት ጣቶቹን ከዋጣቸው፣ ተጨማሪ ፍሬሞች ላይ ማስክ መሳል ያስፈልጋል።

ለጎን ዕይታ ግን ማስክ ብቻውን አይበቃም። ከተዋናዩ ምስሎች መካከል በጎን የተነሱ ከሌሉ ሞዴሉ ያላየውን ጉንጭ ይፈጥራል፤ አገጩና አፍንጫው ጠርዝ ላይ ሲደበዝዙ ይታወቃል። ሰውየው ዞሮ ማጅራቱ ብቻ ከታየ ደግሞ ምንም አትተኩ፤ የተተካውን ፊት በጥቂት ፍሬሞች ቀስ በቀስ አደብዝዛችሁ አውጡት፣ ሲመለስም እንደዚያው አስገቡት።