ሦስት ስህተት፣ ስምንት አሃዝ

ዴቪድ ሹትዝ የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪ ነው፤ አገሩ ሃንጋሪ። አንድ ቀን 24 ሰዓት ሙሉ ተጉዞ ቤቱ ሲገባ የፒክስል 6 ስልኩ ባትሪ 1 በመቶ ላይ ደርሶ ነበር። መልእክት እየጻፈ ሳለ ስልኩ ድርግም አለበት። ቻርጀር ሰክቶ ሲያበራው የሲም ካርዱን ፒን ጠየቀው። ደክሞት ስለነበር ቁጥሩ ተምታታበት፤ ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስቱንም ተሳሳተ። ያኔ ስልኩ ፒኑን መጠየቅ ተወና PUK የሚባል ሌላ ቁጥር አምጣ አለው።

ይህን ገጠመኝ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሌሊት ባትሪው ያለቀ ስልክ ጠዋት ሲበራ ቁጥር ይጠይቃል፤ ባለቤቱ በየቀኑ ስክሪን የሚከፍትበትን ቁጥር ያስገባል፣ እምቢ ሲለው የቴሌብሩን ይሞክራል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሁሉ ነገር ይዘጋል። ሰውዬው ግን ቁጥሩን አልረሳም። ስልኩ የጠየቀው ሌላ ቁጥር ነበር።

አንድ ስልክ ላይ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች አሉ። የስክሪኑ ቁልፍ የስልኩ ነው፤ ፎቶውን፣ መልእክቱን፣ አፕሊኬሽኑን ይጠብቃል። የሲም ፒን ግን የካርዱ ነው። ሲም ካርድ ጥፍር የምታህል ብትሆንም በውስጧ የራሷ ፕሮሰሰርና ማኅደረ ትውስታ ያላት ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ፒኑ ትክክል መሆኑን የምታረጋግጠው እሷው ናት፤ ስህተቱንም የምትቆጥረው እሷው ናት። ስልኩ የሚያደርገው የተጻፈውን ቁጥር ወደ ካርዱ ማሳለፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስልክን አጥፍቶ ማብራት ቆጠራውን አይመልሰውም። ካርዱን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ መክተትም እንዲሁ፤ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሌላ ስልክ ላይም የቀረችው አንዲት ሙከራ ብቻ ናት። ቆጠራው ወደ ሦስት የሚመለሰው ትክክለኛው ፒን ሲገባ ነው።

ሦስቱ ሙከራዎች ካለቁ በኋላ ካርዱ የሚቀበለው ስምንት አሃዝ ያለውን የፓክ ቁጥር ብቻ ነው። ፓኩን ባለቤቱ አይመርጠውም፣ መቀየርም አይችልም፤ ካርዱ ሲመረት ጀምሮ አብሮት የተቀመጠ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ቆጠራ ይጀምራል፦ አሥር ጊዜ። አሥረኛው ስህተት ላይ ካርዱ ለዘለዓለም ይሞታል፤ ያወጣው የቴሌኮም ድርጅትም ቢሆን መልሶ ሊያነሣው አይችልም። ስምንት አሃዝ ማለት መቶ ሚሊዮን የተለያየ ቁጥር ስለሆነ በአሥር ሙከራ በግምት አገኘዋለሁ ማለት ዘበት ነው። ፓክ ሲጠየቁ የመጀመሪያው ጥንቃቄ እጅን መሰብሰብ ነው።

እንግዲህ አንዲት እናት ይህ ገጠማቸው እንበል። ስልካቸውን ይዘው ሠፈር ወዳለው ጥገና ቤት ይሄዳሉ። ልጁ ገልበጥ አድርጎ ያየውና “እማማ፣ ይሄ ፍላሽ ካልተደረገ አይከፈትም” ይላቸዋል። እሺ ካሉ የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ ይጠፋል፣ ገንዘብም ይከፍላሉ፣ ስልኩ ተመልሶ ሲበራ ግን ያንኑ ፓክ ይጠይቃል። ቁልፉ ካርዱ ውስጥ ነዋ! ስልኩ ቢጠረግ ካርዱ ምን ተነካና?

ችግሩ የካርዱ መሆኑን ለማወቅ የጥገና ባለሙያ አያስፈልግም። ሲሙን ማውጣት ነው። ካርዱ ሲወጣ ጥያቄው ከጠፋና ስልኩ በተለመደው የስክሪን ቁጥር ከተከፈተ ስልኩ ደኅና ነው ማለት ነው። ካርዱን ሌላ ስልክ ላይ ሲከቱት እዚያም ፓክ ከጠየቀ ነገሩ ያለቀለት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ አጭር ነው። ሲም ሲገዛ ካርዱ ተገንጥሎ የሚወጣበት የኤቲኤም ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ አለ፤ ፒኑና ፓኩ ብዙ ጊዜ እሱ ላይ ይታተማሉ፣ አንዳንዱ ላይ ተፍቆ የሚነሣ ቀለም ይሸፍናቸዋል። ሹትዝም የዳነው በዚሁ ነው፤ የሲሙን ማሸጊያ ቁም ሣጥን ውስጥ አገኘና ፍቆ አነበበው። ፕላስቲኩ ከሌለ ቁጥሩ የሚገኘው ከድርጅቱ መዝገብ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በሌላ ስልክ 994 መደወል፣ ወይም መታወቂያ ይዞ አገልግሎት ማዕከል መሄድ ይችላል። ሠራተኛው ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ ያጣራል። ሲሙ በሌላ ሰው ስም ከወጣ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅ ለእናቱ በራሱ ስም ያወጣላት ከሆነ መምጣት ያለበት ልጁ ነው።

ፓኩ ከተገኘ በኋላ ስክሪኑ በጠየቀው ቦታ ማስገባት፣ ቀጥሎ አዲስ ፒን መምረጥ፣ እሱኑ መድገም ነው። የጥሪ መጻፊያው የሚከፈት ከሆነ በአንድ መስመርም ይሠራል። ፓኩ 12345678፣ አዲሱ ፒን 4821 ቢሆን እንዲህ ይጻፋል፦

```
**05*12345678*4821*4821#
```

የፒኑም የፓኩም ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል። አሥሩም ሙከራ አልቆ ካርዱ ከሞተ ደግሞ ምትክ ሲም ማውጣት ግድ ነው። የስልክ ቁጥሩ ግን አይጠፋም፤ ቁጥሩ የሚኖረው በድርጅቱ መዝገብ ላይ ስለሆነ ከአዲሱ ካርድ ጋር ይያያዛል። የሚጠፋው በአሮጌው ሲም ላይ ብቻ የተቀመጠ የስም ዝርዝር ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ስልክ ላይ “SIM network unlock PIN” የሚል ጽሑፍ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ስልኩን የሸጠው የውጭ ድርጅት የሌላ ኔትወርክ ሲም እንዳይሠራበት የዘጋው ቁልፍ ነው፤ 994 ቢደወልም መፍትሔ የለውም፣ የካርዱም ፓክ አይከፍተውም።

ሹትዝ ፓኩን አስገብቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ገና የበራ ስልክ መጀመሪያ የስክሪን ቁጥር መጠየቅ ሲገባው የሱ ስልክ የጣት አሻራ ጠየቀው። ነገሩ አላስቻለውም፣ ደጋግሞ ሞከረ። አንድ ጊዜ ስልኩን ሳያጠፋ፣ ስክሪኑ እንደተቆለፈ ሲሙን አውጥቶ መልሶ ከተተ፤ ፒኑን ሦስት ጊዜ ሆን ብሎ ተሳሳተ፣ ፓኩን አስገባ፣ አዲስ ፒን መረጠ። ስልኩ ቁጥርም አሻራም ሳይጠይቅ ወለል ብሎ ተከፈተ።

አደጋው ግልጽ ነው። ሌባ የራሱን ሲም ይዞ፣ የራሱን ፓክ እያወቀ፣ የሰው ስልክ መክፈት ይችል ነበር። ጥፋቱ የሲም ካርዱ አልነበረም። የካርዱ ቁልፍ ሲከፈት አንድሮይድ ከፊት ያለውን የመቆለፊያ ገጽ እንዲዘጋ ትእዛዝ ይሰጣል፤ በዚያች ቅጽበት ግን የሲሙ ገጽ ቀድሞ ተነሥቶ በቦታው የስክሪኑ ቁልፍ ቆሞ ነበር። ትእዛዙ እሱን ዘጋው። ሁለቱ ቁልፎች ስልኩ ውስጥም ተምታቱ።

ጉግል ስህተቱን CVE-2022-20465 ብሎ መዘገበው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በወጣው የደኅንነት ማሻሻያ አረመው፣ ለሹትዝም 70,000 ዶላር ከፈለው። ስህተቱ ከአንድሮይድ 10 እስከ 13 ያሉትን ይነካ ነበር። የቆየ አንድሮይድ የያዘ ሰው ሴቲንግ ውስጥ “Android security update” የሚለውን ከፍቶ ቀኑን ማየት ይችላል፤ ከኅዳር 2022 በፊት ከሆነ ይህ ማሻሻያ ስልኩ ላይ ገና አልተጫነም።