ተቅማጥ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

በጤና ሪፖርት ግምገማዎች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ግራፍ አለ፤ ስታክድ ኤሪያ የሚባለው። እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ቀለም ይሰጠውና አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ግራፉ ያምራል፤ ጠቅላላ ድምሩንም በአንድ እይታ ያሳያል። ጣጣው የሚመጣው ከተሰብሳቢው መካከል አንዱ እጁን አውጥቶ «ተቅማጡስ እንዴት ነው?» ሲል ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለማሳያ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ማየሉ ግን በአገራችን የታወቀ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ከነሐሴ እስከ ኅዳር የመዘገበው የወባ ታማሚዎች ቁጥር በየወሩ 200፣ 320፣ 480 እና 560 ነው እንበል። የሳንባ ምች በአራቱም ወራት 150 ላይ ቆሟል። ተቅማጥ ደግሞ ከ160 ወደ 140፣ ከዚያ ወደ 120፣ በመጨረሻም ወደ 100 ወርዷል። ወባን ከሥር፣ የሳንባ ምችን ከመሀል፣ ተቅማጥን ከላይ አድርገን ስንደርባቸው የተቅማጥ ቀለም የላይኛው ጠርዝ ከ510 ተነስቶ 810 ይደርሳል። ተቅማጥ ከሲሶ በላይ ቀንሷል፤ ቀለሙ ግን ሽቅብ ይወጣል። አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ልጅ ከፍ ስላለ አደገ አይባልም፤ ይህ ግራፍ ግን እንደዚያ እንድንል ይገፋፋናል።

የመሀሉ የሳንባ ምች ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ቁጥሩ ንቅንቅ ባይልም፣ ወባ ሽቅብ በሚወጣበት ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባለው ክፍል ቀለሙ የቀጠነ ይመስላል፤ ወደ ኅዳር ዳገቱ ሲለዝብ መልሶ ይወፍራል። ይህ የሚሆነው ዓይናችን የቀለሙን ውፍረት ቀጥ ብሎ ከታች ወደ ላይ ስለማይለካ ነው፤ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለውን አጭሩን ርቀት ይወስዳል። ሁለቱ ጠርዞች አብረው ባዘነበሉ ቁጥር ያ ርቀት ያጥራል። ስለዚህ «የሳንባ ምች በጥቅምት ለምን ቀነሰ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ፣ የተጠየቀው ያልሆነ ነገር ነው።

ዊልያም ክሊቭላንድ እና ሮበርት ማክጊል የተባሉ አሜሪካውያን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰው መጠንን በትክክል የሚያነጻጽረው ነገሮቹ ከአንድ መነሻ ሲለኩ እንደሆነ አሳይተዋል። በድርብርቡ ግራፍ ከዜሮ የሚነሳው ከሥር ያለው ወባ ብቻ ነው። የቀሩት የሚነሱት ከሚወዛወዝ ወለል ነው።

ብዙዎች መፍትሔ ብለው የሚሄዱት ድምሩን 100 በመቶ ወደሚያደርገው ዓይነት ነው። እሱም አያድንም። በምሳሌያችን የሳንባ ምች ድርሻ ከ29 በመቶ ወደ 19 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ የታመመው ሰው ግን ያው 150 ነው። ወባ በመብዛቱ ብቻ የሳንባ ምች የቀነሰ መስሎ ይታያል።

እኔ የምመክረው ተራውን የመስመር ግራፍ ነው። ሦስቱም መስመሮች ከዜሮ ይለካሉ፤ ወባ ሲወጣ፣ የሳንባ ምች ሲጋደም፣ ተቅማጥ ሲወርድ ማንም ሳያስረዳው ይታያል። በኤክሴል ግራፉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Change Chart Type` መክፈትና `Line` መምረጥ ይበቃል። አጠገቡ ያለውን `Stacked Line` ግን እንዳትነኩት፤ መስመር ቢመስልም መልሶ ይደርባል። ድምሩም ከተፈለገ እንደ አንድ ተጨማሪ መስመር ወይም ለብቻው በሌላ ግራፍ ይቀመጥ።

በሽታዎቹ ስምንትና አሥር ሲሆኑ መስመሮቹ ይተበተባሉ። ያኔ ለእያንዳንዱ በሽታ ትንሽ ግራፍ ሠርቶ ጎን ለጎን መደርደር ይሻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው የጎን መለኪያው ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መለኪያ ከተሰጠ መጠናቸው ይነጻጸራል፤ ነገር ግን ትንንሾቹ ከወባ አጠገብ ዝርግ መስመር ይሆናሉ። ለየራሳቸው ከተሰጠ ለውጣቸው ይጎላል፤ የ20 ሰው ልዩነት ግን የ200 ያህል ሊያስደነግጥ ይችላል። የትኛውን እንደመረጡ ከግራፉ በላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

ድርብርቡን ግራፍ ጨርሶ ጣሉት አልልም። ጥያቄው ስለ ጠቅላላ ጫናው ከሆነ፣ ክፍሎቹም ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ይሠራል። ከመጠቀም በፊት ግን የቀለሞቹን ቅደም ተከተል ቀይሮ ማየት ነው፦ ተቅማጥን ከሥር፣ ወባን ከላይ። ቁጥሩ ሳይነካ ስለ ተቅማጥ የሚታየው ነገር ከተገለበጠ፣ ያ ግራፍ ስለ ተቅማጥ ሊጠየቅ አይገባም።