ከተሰባበረች በኋላ ስደተኛ ጭና የታየችው መርከብ

እ.ኤ.አ. በ2015 የሶሪያ ስደተኞች በገፍ ወደ አውሮፓ በተሻገሩበት ወቅት አንድ ፎቶ በማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ ሲዘዋወር ነበር። ወደብ ላይ የቆመች ትልቅ መርከብ ናት። ወለሏ ሰው፣ ጣሪያዋ ሰው፣ ምሰሶዋ ሰው፤ ቦታ ያጡት ደግሞ ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል። የስደተኞቹን መምጣት የሚቃወሙ ሰዎች ፎቶውን «ይኸው፣ እየመጡብን ነው» ለማለት ተጠቀሙበት። የሚገርመው፣ ይኸው ምስል ለተቃራኒ ወገንም አገልግሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓውያን ወደ ሰሜን አፍሪካ ሲሰደዱ የተነሣ ነው ተብሎም ተሰራጭቷል።

ሁለቱም ሐሰት ነው። ሐሰትነቱን ለማወቅ ደግሞ መነሻው ፎቶው ራሱ ነው።

ከልብሱ ይጀመር። ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን የሆኑ፣ ጂንስና ቁምጣ የለበሱ ይበዛሉ። ይህ አለባበስና የፎቶው ጥራት የ1940ዎቹን ታሪክ ወዲያው ውድቅ ያደርጋል። የ2015ን ግን አያደርግም፤ ጂንስ ዛሬም ይለበሳልና። እዚህ ላይ የሚጠቅመው የሌለውን መፈለግ ነው። በ2015 ከቱርክ ወደ ግሪክ ደሴቶች የተሻገሩት ሰዎች ፎቶ በብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬትና በእጅ ስልክ የተሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ጃኬቱም ስልኩም አለመታየቱ ጥርጣሬን ያጠነክራል። ጥርጣሬ ግን ገና ማስረጃ አይደለም።

ነገሩን የሚቆርጠው ተሽከርካሪው፣ ማለትም መርከቧ ናት። ወለሏ ላይ ዕቃ የሚያነሡ ረጃጅም ክንዶች የተተከሉባቸው ምሰሶዎች ይታያሉ። ኮንቴይነር ዓለምን ከመቆጣጠሩ በፊት ጭነት በጆንያና በሣጥን ሲጓዝ የነበሩ የጭነት መርከቦች አሠራር ነው። በዚህ ፍንጭ የድሮ መርከቦችን መዝገብ ያገላበጠ ሰው የሚደርሰው ቭሎራ በተባለች የአልባኒያ መርከብ ላይ ነው። ቭሎራ በ1960 በጣሊያን አንኮና ተሠራች፤ በ1996 ቱርክ ውስጥ አሊያጋ በሚባል ቦታ ለብረቷ ሲባል ተሰባበረች። ስለዚህ በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ገና አልተወለደችም፤ በ2015 ደግሞ ከጠፋች 19 ዓመት ሆኗታል።

እውነተኛው ታሪክ ከሁለቱም ወሬዎች አይተናነስም። በኦገስት 1991፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1983 ዓ.ም.፣ ቭሎራ ከኩባ ስኳር ጭና ዱረስ ወደብ እንደደረሰች የኮሙኒስት ሥርዓቱ መፍረስና ድህነቱ ያንገፈገፈው ሕዝብ ወረራት። ካፒቴኑ ተገዶ ወደ ጣሊያን ቀዘፈ። ኦገስት 8 ባሪ ከተማ ስትደርስ 20,000 ገደማ ሰዎች ጭና ነበር። አብዛኞቹ ስታዲየም ውስጥ ከታጎሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚህ ጉዳይ አንድ ሕግ ይወጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እሱ ላይ ነው። አዲስ ነገር ፎቶው ከመቼ ወዲህ እንደተነሣ ይናገራል፤ አሮጌ ነገር ግን ከመቼ በፊት እንደተነሣ አይናገርም። የአርሰናልን ማሊያ እንውሰድ። እስከ 2006 ደረቱ ላይ «ኦቱ» የሚል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «ፍላይ ኤምሬትስ» ሆነ። በ2005 ተነሣ በተባለ ሰልፍ ውስጥ የኤምሬትስ ማሊያ ከታየ ወሬው ውሸት ነው። የኦቱ ማሊያ የለበሰ ልጅ ትናንት በተባለ ፎቶ ውስጥ ቢገኝ ግን ምንም ማለት አይደለም፤ ሳልባጅ ተራ ሄዶ ገዝቶት ይሆናል። ላዳም እንዲሁ ነው። መንገድ ላይ ላዳ ስለታየ ብቻ ፎቶው የደርግ ዘመን ነው የሚል ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም። ስለዚህ አንድን ፎቶ አሮጌ ነው ብሎ ለመፍረድ ሁለት ዓይነት ነገር ይፈለጋል፦ እንደ ቭሎራ በተባለው ቀን ከዓለም የጠፋ ነገር መታየቱ፣ ወይም በተባለው ቀን መኖር የነበረበት ነገር አለመታየቱ።

ለሁለተኛው የመስቀል አደባባይ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሴፕቴምበር 2015 ሥራ ሲጀምር በአደባባዩ በኩል የሚያልፈው የኮንክሪት ድልድይ ቆሞ ነበር። «የዛሬ ሰልፍ» በተባለ ፎቶ ውስጥ ድልድዩ መታየት በነበረበት በኩል ባዶ ሰማይ ካለ ፎቶው ከግንባታው በፊት የተነሣ ነው። እዚህ ላይ ግን ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታና ያነጣጠረበትን አቅጣጫ መለየት ግድ ነው። ካሜራው ጀርባውን ለሐዲዱ ሰጥቶ ከሆነ የድልድዩ አለመታየት ምስክር አይሆንም። ፎቶው ተገልብጦ እንዳይሆንም የሱቅ ማስታወቂያዎቹ በትክክል መነበባቸው ይታያል።

የአየር ሁኔታ ከሦስቱ ፍንጮች ሁሉ ይበልጥ አሳሳች ነው። በኦክቶበር 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲመታ፣ በአርሊንግተን የማይታወቀው ወታደር መቃብር ጠባቂዎች በዝናብ ሲደበደቡ የሚያሳይ ፎቶ ታላላቅ መገናኛ ብዙኃንን ሳይቀር አዳረሰ። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ የተነሣው ግን በሴፕቴምበር፣ በሌላ ዝናብ ነው። ያን ቀን አርሊንግተን ዘንቦ እንደሆነ የአየር መዝገብ ያገላበጠ ሰው «አዎ» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ዝናብ ከዝናብ ጋር መስማማቱ ቀኑን አያረጋግጥም። አለመስማማቱ ግን ያፈርሳል፤ ሰማዩ ጠራርጎ፣ ጥላው ደምቆ የወጣበት ፎቶ ቀኑን ሙሉ ዶፍ ወርዶበታል የተባለ ቀን ሊሆን አይችልም።

በእኛም አገር ወቅት ሲመረመር ጥንቃቄ ያሻል። ነሐሴ ላይ ጎጃም ተነሣ በተባለ ፎቶ ውስጥ የደረቀና የተሰነጣጠቀ ማሳ ካለ መጠርጠር ተገቢ ነው። ቦታው ቦረና ወይም ደቡባዊው ሶማሌ ክልል ከተባለ ግን ያው ማሳ ምንም አያስገርምም፤ እዚያ ዋናው ዝናብ በጸደይ፣ ሁለተኛው በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ይመጣል፤ ክረምታቸው ደረቅ ነው። በደጋው የቀን አቆጣጠር የቆላውን ፎቶ የሚመዝን ሰው ትክክለኛውን ፎቶ ሐሰት ይለዋል።

እነዚህ ፍንጮች ፎቶው የተባለውን አለመሆኑን ያሳዩ እንጂ መቼና የት እንደተነሣ በአብዛኛው አይነግሩም። ለዚያ በጉግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ፎቶውን አስገብቶ ከዚህ በፊት የወጣበትን መፈለግ ያስፈልጋል። ፎቶው ክስተቱ ደረሰ ከተባለበት ቀን አስቀድሞ ታትሞ ከተገኘ ክርክሩ አለቀ። ፍለጋው ባዶ ከተመለሰ ግን ፎቶው አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ ያኔ ወደ ልብሱ፣ ወደ መኪናውና ወደ ሰማዩ መመለስ፣ አንዳቸውም ካልቆረጡ ደግሞ ፎቶውን ለሌላ ሰው አለማስተላለፍ ይሻላል።