ዜሮ ከስምንት ጋር እኩል የሆነበት ወረቀት

ሲለቁት ሳይደበደብ ቀስ ብሎ የሚዘጋ የቢሮ በር ሁላችንም እናውቃለን። ከላይ የተገጠመው ዕቃ ውስጥ በሩን ወደ ቦታው የሚስብ ስፕሪንግና ሩጫውን የሚገታ ዘይት አለ። ስፕሪንጉ የሚስበው በሩ በተከፈተው ልክ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ በሩ በፈጠነ ቁጥር አብዝቶ ይቃወማል። ሁለቱ ተደምረው ፍጥነቱ እንዴት እንደሚለወጥ ይወስናሉ። ይህ በሒሳብ ሲጻፍ ሁለተኛ ደረጃ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይሆናል። የሚፈለገው እንደ ተለመደው ኢኩዌሽን አንድ ቁጥር አይደለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለው እንቅስቃሴ ነው። በቀጣዩ ጽሑፍ y የበሩን አከፋፈት፣ x ጊዜን፣ y' ፍጥነትን፣ y'' የፍጥነቱን ለውጥ ያመለክታሉ።

ደብዳቤውን የጻፍኩት ከማስጠናቸው የምህንድስና ተማሪዎች ለአንዱ ነው። ፈተናው ታርሞ ሲመለስለት ወረቀቱ በቀይ ኤክስ ተሞልቶ ነበር፤ እሱም «ሁሉንም ነው የተሳሳትኩት» ብሎ ላከልኝ። ለአንባቢ እንዲመች እዚህም እዚያም ማብራሪያ ጨምሬበታለሁ።

ሰላም ላንተ ይሁን።

ወረቀትህን ደጋግሜ አየሁት። ኤክሱ ብዙ ነው፤ ስህተቱ ግን የኤክሱን ያህል አይደለም። አራሚው ምልክት ያደረገው ነገሩ የተበላሸበት ቦታ ላይ ሳይሆን ብልሽቱ የታየበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱን ስህተት ብዙ አድርገህ ቆጠርከው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፦

```
y'' + 4y' + 4y = 8e^(-2x),   y(0) = 1,   y'(0) = 0
```

አጀማመርህ ትክክል ነው። የቀኙን ወገን ለጊዜው ዜሮ አድርገህ r² + 4r + 4 = 0 ብለህ ጻፍክ፤ r = -2 ሁለት ጊዜ መምጣቱንም አየህ። ቀጥሎ ግን ይህን አስፍረሃል፦

```
y = C1 e^(-2x) + C2 e^(-2x)
```

ሁለት ሩት ስላገኘህ ሁለት ቁራጭ ጻፍክ። ነገር ግን ቁራጮቹ አንድ ናቸው፤ ሲደመሩ (C1 + C2)e^(-2x) ይሆናሉ፣ በእጅህ የሚቀረውም አንድ ያልታወቀ ቁጥር ብቻ ነው። በሩ ሲለቀቅ የት እንደነበረና በምን ፍጥነት እንደነበረ ሁለት ነገር ተነግሮሃል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማሟላት አይቻልም። ይህን ወረቀትህ ራሱ ነግሮሃል፦ ከ y(0) = 1 ተነስተህ C1 + C2 = 1 አገኘህ፤ ከ y'(0) = 0 ተነስተህ C1 + C2 = 0 አገኘህ። እዚህ ላይ ብዕርህ መቆም ነበረበት። አንተ ግን ሁለተኛውን መስመር ሰርዘህ C1 = 1፣ C2 = 0 ብለህ አለፍክ።

ትክክለኛው ሁለተኛ ቁራጭ x·e^(-2x) ነው። «በ x አባዛው» የሚለውን ሕግ ክፍል ውስጥ ሰምተኸዋል፤ ከየት እንደመጣ ስላልተነገረህ ይመስለኛል ፈተና ላይ የጠፋብህ። ሩቶቹ -2 እና -1.99 ቢሆኑ ኖሮ e^(-2x) እና e^(-1.99x) የተለያዩ መልሶች ስለሚሆኑ ችግር አልነበረም። የሁለቱን ልዩነት ወስደህ ለ 0.01 ብታካፍለው ውጤቱ አሁንም የዚያው ኢኩዌሽን መልስ ነው። አሁን በሩቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት እያጠበብክ ሂድ። ልዩነቱ ለክፍተቱ ሲካፈል የሚጠጋው ወደ x·e^(-2x) ነው። ሩቶቹ ሲገጥሙ ሁለተኛው መልስ አልጠፋም፣ መልኩን ነው የለወጠው። (ይህን ዓይነት ኢኩዌሽን በ r የመፍታቱን ዘዴ ኦይለር ለዮሐን ቤርኑሊ በደብዳቤ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1739 ነው። አሳትሞ ያወጣው በ1743 ነው።)

ቀጥለህ ወደ ቀኙ ወገን ሄድክ። 8e^(-2x) ስላየህ Ae^(-2x) ብለህ ሞከርክ፤ ስታስገባው 4A - 8A + 4A = 8 መጣ። ይህም 0 = 8 ማለት ነው። ከሥሩ «A = 8» ብለህ ጽፈሃል። ከወረቀቱ ሁሉ ያዘንኩት በዚህ መስመር ነው፤ ሒሳቡን በትክክል ሠርተህ የነገረህን አልሰማኸውም።

ለምን ዜሮ መጣ? Ae^(-2x) ቀድሞ የቀኙ ወገን ዜሮ ለሆነበት ኢኩዌሽን መልስ ስለሆነ ነው። ያ ማለት ስታስገባው ሁልጊዜ ዜሮ ይሰጣል እንጂ ስምንት ሊሰጥህ አይችልም። በ x ብታባዛው Axe^(-2x) እሱም ከመልሶቹ ሁለተኛው ነው፣ እሱም ዜሮ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጨምረህ ታባዛና Ax²e^(-2x) ላይ ትደርሳለህ። ይህን ስታስገባ በ x እና በ x² ያሉት ሁሉ ተጣፍተው 2A = 8 ብቻ ይቀራል፤ A = 4። እንግዲህ ሁለቱን ስህተቶች አስተያያቸው። በሁለቱም ቦታ ያለህን ነገር እንደ አዲስ አምጥተህ ጨመርክ።

ሙሉው መልስ (C1 + C2x + 4x²)e^(-2x) ነው። y(0) = 1 C1 = 1ን ይሰጣል፤ y'(0) = 0 ደግሞ C2 - 2C1 = 0 ስለሚሆን C2 = 2 ነው።

```
y = (1 + 2x + 4x²) e^(-2x)
```

ማረጋገጫው ሦስት መስመር አይሞላም። y' = (4x - 8x²)e^(-2x)፣ y'' = (4 - 24x + 16x²)e^(-2x)። በ y' ላይ አራት፣ በ y ላይም አራት አባዝተህ ከ y'' ጋር ደምር፦ የ x ቁጥሮች -24 + 16 + 8፣ የ x² ደግሞ 16 - 32 + 16፤ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። የሚቀረው 4 + 4 = 8 ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ ስህተት ግን ከዚህ የተለየ ነው። የቀኙ ወገን 8 ብቻ ነበር፤ y(0) = 1 እና y'(0) = 0 እንደነበሩ ናቸው። ቋሚውን ቁራጭ 2 ብለህ በትክክል አገኘህ፣ (C1 + C2x)e^(-2x) የሚለውንም ጻፍክ፤ እዚህ ላይ x መኖሩ ደስ አሰኝቶኛል። ይሁንና C1 እና C2ን ያወጣኸው 2ቱን ከመደመርህ በፊት ነው። C1 = 1፣ C2 = 2 አልክና 2ን ኋላ ጨመርክበት። x = 0 አድርገህ የራስህን መልስ ብታየው 3 ይሰጥሃል፤ የተጠየቅከው 1 ነው። የመነሻው ሁኔታ የሚመለከተው ሙሉውን እንቅስቃሴ ስለሆነ መጀመሪያ ትደምራለህ፣ ቀጥሎ C1 + 2 = 1 ትላለህ። C1 = -1፣ C2 = -2 ይመጣል፤ መልሱም 2 - (1 + 2x)e^(-2x) ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። በመጀመሪያው ጥያቄ ይህንኑ የቅደም ተከተል ስህተት ብትሠራ አይታወቅብህም ነበር፤ 4x²e^(-2x) እና ፍጥነቱ በ x = 0 ላይ ሁለቱም ዜሮ ናቸውና። በአጋጣሚ የወጣ ትክክለኛ መልስ ስላለ «ባለፈው ሠርቶልኛል» የሚለው ማስረጃ አይሆንህም።

ለማክሰኞ y'' + 6y' + 9y = 2e^(-3x) + 9ን በ y(0) = 0፣ y'(0) = 0 ሥራልኝ። ሁለቱም ወጥመዶች አሉበት። ከመልሱ በታች ወደ ኢኩዌሽኑ መልሰህ ያስገባህበት መስመርና x = 0 ላይ ያየህበት መስመር ከሌለ ወረቀቱን ሳላርም ነው የምመልስልህ።