«ሰርኪውት አልገባኝም» ከማለት በፊት

የሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ የሰርኪውት አናሊሲስ ሚድ ከ30 11 ሲያመጣ፣ ለመምህሩ የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ሦስት መስመር አይሞላም። «በሚዱ ጥሩ ውጤት አላመጣሁም። ትምህርቱ ከብዶኛል። እባክዎ ቱቶሪያል ይስጡኝ» ይላል። ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ውሸትም የለበትም። መምህሩ ግን ከየት ጀምሮ እንደሚያስጠናው አያውቅም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የሰጠውን ትምህርት ከመጀመሪያው ይደግምለታል፣ ተማሪውም መጀመሪያ ያልገባው ቦታ ላይ ሲደርስ እንደገና ያልፈዋል።

የተሻለው ደብዳቤ የሚጀምረው ከታረመው የፈተና ወረቀት ነው። ነገሩን በአንዲት ተማሪ ወረቀት ላይ ባለ አንድ ጥያቄ እንየው።

ጥያቄው ከሚድ ጥያቄዎች ሁሉ ቀላሉ ነበር። 12 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ በ2 ኦም ሬዚስተር በኩል ከአንድ የመገናኛ ነጥብ ጋር ተያይዟል። ይህን ነጥብ የሙያው ሰዎች ኖድ ይሉታል። ከኖዱ ወደ ግራውንድ ሌላ የ2 ኦም ሬዚስተር ይወርዳል። በሦስተኛው መስመር ደግሞ ከረንት ሶርስ አለ፤ ቀስቱ ወደ ኖዱ ያመለክታል፣ ምንጊዜም 2 አምፔር ወደ ውስጥ ይገፋል። የተጠየቀው የኖዱ ቮልቴጅ ስንት ነው የሚል ነው።

የሚፈታበት ሕግ ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪርሆፍ እ.ኤ.አ. በ1845 ያወጣው ነው፤ ያን ጊዜ እሱ ራሱ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሕጉ ወደ አንድ ኖድ የሚገባው ከረንት ሁሉ ከሚወጣው ጋር እኩል ነው ይላል፤ ኖዱ ላይ የሚጠራቀም ነገር የለም። ክፍል ውስጥ ይህ ብዙውን ጊዜ «ከኖዱ የሚወጡትን ከረንቶች ደምርና ከዜሮ ጋር አስተካክል» በሚል አጭር መመሪያ ይሰጣል። ተማሪዋም መመሪያውን ይዛ እንዲህ ጻፈች፦

(V − 12)/2 + V/2 + 2 = 0

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ እንከን የለውም። 2V = 8 ሆነ፣ V = 4 ቮልት ወጣ። መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ ሰረዘው። ትክክለኛው መልስ 8 ቮልት ነው።

ስህተቱ ያለው ከ2 በፊት ባለው የመደመር ምልክት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች በሬዚስተሮቹ በኩል ከኖዱ የሚወጡ ከረንቶች ናቸው። ሦስተኛው ግን የሚገባ ነው፤ ቀስቱ ወደ ውስጥ ያመለክታልና። ወጪዎች በመደመር ምልክት በሚጻፉበት እኩልታ ውስጥ ገቢው በመቀነስ ምልክት መግባት ነበረበት፦

(V − 12)/2 + V/2 − 2 = 0

ታዲያ ለምን ደመረችው? ስትጠየቅ «ሶርስ ስለሆነ ይጨምራል ብዬ ነው» አለች። ይህ መልስ ከተሰረዘው ቁጥር የበለጠ ይናገራል። ተማሪዋ ምልክቱን የወሰነችው ዕቃው ምን እንደሆነ አይታ እንጂ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት አይታ አይደለም። ይህን ስህተት በአንድ ጥያቄ ላይ ብታርመው በሚቀጥለው ላይ ይመለሳል፤ ምክንያቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ደንብ ነውና።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። 4 ቮልት ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር አይደለም። የከረንት ሶርሱን ቀስት ገልብጠን 2 አምፔር ከኖዱ እንዲያወጣ ብናደርገው ትክክለኛው መልስ 4 ቮልት ይሆናል። ተማሪዋ የተሰጣትን ሳይሆን ሌላ ሰርኪውት በትክክል ፈትታለች ማለት ነው። ይህን ያየ መምህር ኖዳል አናሊሲስን ከሀ ጀምሮ ማስተማር አያስፈልገውም፤ የቀስት ንባብ ላይ ብቻ ተቀምጦ መሥራት ይበቃዋል።

ተማሪዋ ራሷም መልሱ እንደተሳሳተ ፈተናው ላይ እያለች ማወቅ ትችል ነበር። የመጀመሪያው መንገድ 4 ቮልትን ይዞ ወደ ኖዱ መመለስ ነው። ከባትሪው በኩል (12 − 4)/2 ማለትም 4 አምፔር ይገባል፣ ከከረንት ሶርሱ 2 አምፔር ይገባል፤ ገቢው 6 ሆነ። ወደ ግራውንድ የሚወጣው ግን 4/2 ማለትም 2 አምፔር ብቻ ነው። 6 ገብቶ 2 ሊወጣ አይችልም። በ8 ቮልት ግን ከባትሪው 2፣ ከሶርሱ 2 ይገባል፣ 4 ይወጣል፤ ሒሳቡ ይዘጋል።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ እስክርቢቶ ከማንሳት በፊት የሚደረግ ነው። ከረንት ሶርሱ ባይኖር ኖሮ ሁለቱ እኩል ሬዚስተሮች የባትሪውን 12 ቮልት ለሁለት ይካፈሉት ነበር፤ ኖዱ 6 ቮልት ላይ ይቀመጣል። ሶርሱ ወደ ኖዱ ተጨማሪ ከረንት ስለሚገፋ ቮልቴጁ ከ6 በላይ መውጣት አለበት። ስለዚህ 4 የሚል መልስ የወጣለት ሰው ያለ ምንም ሒሳብ «አንድ ቦታ ስቻለሁ» ማለት ይችላል።

ተማሪዋ ወረቀቷን በዚህ ዓይን ካየችው በኋላ የምትጽፈው ደብዳቤ መልኩ ይለወጣል። ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ለተከበሩ መምህሬ፣
ጉዳዩ፦ በሰርኪውት አናሊሲስ ተጨማሪ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

የሁለተኛ ዓመት የሴክሽን 2 ተማሪዎ ነኝ። በሚድ ፈተናው ከ30 11 አምጥቻለሁ። የታረመውን ወረቀቴን ይዤ ጥያቄዎቹን እንደገና ስሠራቸው ያጣሁት ነጥብ በአብዛኛው ከሁለት ቦታ የመጣ ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው፣ በኖዳል አናሊሲስ ከረንት ሶርስ ሲኖር ምልክቱን እሳሳታለሁ፤ ጥያቄ 1ን እንደገና ሠርቼ 8 ቮልት አግኝቻለሁ፣ ሆኖም ሁለት ኖድ ሲሆን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለተኛው፣ ዲፔንደንት ሶርስ ያለበትን የቴቬኒን ጥያቄ ከየት እንደምጀምረው አላወቅሁም፤ ባዶ የተውኩት ለዚህ ነው።

የኤሲ ሰርኪውት ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የአንድ አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ቢሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ክፍል የለኝም፤ ለእርስዎ በሚመች በሌላ ሰዓትም እመጣለሁ። የተሰጠኝን ውጤት አምኜ ተቀብያለሁ፤ ጥያቄዬ ስለ ትምህርቱ ብቻ ነው። እንደገና የሠራሁትን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

የመጨረሻዋ ስለ ውጤት የምትናገረው ዓረፍተ ነገር በከንቱ አልገባችም። እርማቱ ተሳስቷል የሚል ቅሬታና የማስጠናት ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ቅሬታ ካለ ለብቻው ተጽፎ፣ ጥያቄው በቁጥር ተጠቅሶ መቅረብ አለበት። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ ሲቀላቀሉ መምህሩ የማስጠናቱን ጥያቄ የነጥብ ልመና መግቢያ አድርጎ ያነበዋል። እናት ታመውብኝ ነበር፣ ዶርም ውስጥ ጫጫታ ነበር የሚለውም እውነት ቢሆን እንኳ ከአንድ መስመር ባይበልጥ ይመረጣል፤ መምህሩ መርዳት የሚችለው በቀስቱና በምልክቱ ነው።

«ኤሲ ከመጀመሩ በፊት» የሚለውም ምክንያት አለው። ኮርሱ ከሚድ በኋላ ብዙውን ጊዜ ወደ ተለዋዋጭ ከረንት ይሻገራል። ካፓሲተርና ኢንዳክተር ይገባሉ፣ ቁጥሮቹም ኮምፕሌክስ ይሆናሉ። የእኩልታው አጻጻፍ ግን ያው ነው፤ ኖዳል፣ ሜሽ፣ ቴቬኒን እንዳሉ ይመለሳሉ። በባትሪ ሰርኪውት ላይ 4 ቮልት ትክክል እንዳልሆነ በዓይን ማየት ይቻል ነበር። መልሱ 3.2 − j1.6 በሚሆንበት ጊዜ ግን የተሳሳተ ምልክት በዓይን አይያዝም፤ ተማሪው የሚጠረጥረው ኮምፕሌክስ ቁጥሩን ነው እንጂ ከወራት በፊት ያልተስተካከለውን ቀስት አይደለም። ፋይናል ላይ «ኤሲው ከበደኝ» ከሚሉት መካከል ችግራቸው ከዲሲው የመጣ አይጠፉም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ችግሩ በእርግጥ ሰርኪውቱ ላይ ከሆነ ነው። መለያው ቀላል ነው። እኩልታው ትክክል ሆኖ የመጨረሻው ቁጥር ከተሳሳተ፣ የጎደለው ሒሳብ ነው፤ ሦስት ያልታወቁ ያሉባቸውን እኩልታዎች በማትሪክስ መፍታት መለማመድ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሰርኪውት መምህርን ሰዓት መውሰድ አያሻም፣ የሒሳብ ጎበዝ የሆነ የክፍል ጓደኛ ይበቃል። እኩልታው ራሱ ከተሳሳተ ግን የእኛ ተማሪ ጉዳይ ነው፤ ወደ መምህሩ ቢሮ መሄድ ይገባል።

ቢሮ ከገቡ በኋላም ሰዓቱ የሚባክንበት የተለመደ መንገድ አለ። መምህሩ ቾክ ያነሳል፣ ጥያቄውን አሳምሮ ይሠራዋል፣ ተማሪዋ እየነቀነቀች ትገለብጣለች። ሲሠራ ማየት ሁሉንም ግልጽ ያስመስላል። ልምድ ያለው መምህር ግን ቾኩን ለተማሪዋ ይሰጣል። ያንኑ ሰርኪውት ይስልላትና የሶርሱን ቀስት ይገለብጠዋል፤ ከዚያም «ሳትሠሪ ንገሪኝ፣ ቮልቴጁ ከ6 በላይ ነው ወይስ በታች?» ይላታል። በታች ብላ ምክንያቱን ከተናገረች፣ ቀጥሎም እኩልታውን ጽፋ 4 ቮልት ካገኘች፣ ስህተቱ ከሥሩ ተነቅሏል ማለት ነው። መልሱን አግኝታ ምክንያቱን መናገር ካቃታት ግን ሌላ ደንብ ሸምድዳለች እንጂ አልገባትም፤ አንድ ጥያቄ ይጨመርላት።

ሁለት ኖድ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አንድ ልማድ ቢያስይዛት መልካም ነው። እኩልታ ከመጻፏ በፊት ከእያንዳንዱ ኖድ አጠገብ ገቢዎቹንና ወጪዎቹን በቃል ትዘርዝር፤ «ይህ ይገባል፣ ይህ ይወጣል» እያለች። ለእያንዳንዱ ኖድ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። መጨረሻ ላይም ኃይሉን ትቁጠር። በእኛ ሰርኪውት ባትሪው 12 × 2 ማለትም 24 ዋት፣ ከረንት ሶርሱ 8 × 2 ማለትም 16 ዋት ይሰጣሉ፤ ድምሩ 40 ነው። ሬዚስተሮቹ 8ና 32 ዋት ያቃጥላሉ፤ እሱም 40 ነው። የተሰጠውና የተቃጠለው እኩል ካልሆኑ ወረቀቱ አይመለስም።

በደብዳቤው የተጠየቀው ሁለት ሰዓት ነው። ስህተቷን በቁጥርና በመስመር ለይታ የመጣች ተማሪ በዚያ ሰዓት ብዙ መሥራት ትችላለች፤ መምህሩም በዚያው ሰዓት ተመሳሳይ ቀስት የገለበጡ ሌሎች ተማሪዎችን አብሮ ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ የታረመው ወረቀት እጅ ላይ በደረሰ ቀን መጀመሪያ የሚደረገው ውጤቱን ለጓደኛ መንገር ሳይሆን፣ ባዶ ወረቀት አውጥቶ የተሰረዘውን ጥያቄ እንደገና መሥራትና የመጀመሪያው የተሳሳተ መስመር የቱ እንደሆነ ማክበብ ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።